ጥለቱ የት ሄደ? የስልክ ካርቱን ፊልተርና የእጅ ሥራ

አንዲት ደንበኛ የእናቷን ፎቶ ይዛ መጣች። እናትየው ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ሹሩባ ተሠርተው፣ ግቢያቸው ውስጥ ካለው ኮባ ፊት ቆመዋል። ልጅቷ የፈለገችው ፎቶው ወደ ካርቱን ተቀይሮ በኤ3 ወረቀት እንዲታተምላት ነው። ዋጋውንና የሚፈጅብኝን ጊዜ ስነግራት ስልኳን አወጣችና «ይኸው፣ ይሄ እኮ በአንድ ሰከንድ ሠራው» ብላ አሳየችኝ።

ተቀብዬ ሳየው እውነትም ተሠርቷል። ኮባው ያምራል፤ ሰፋፊው ቅጠል በሦስት አራት ዓይነት አረንጓዴ ተከፍሎ የጃፓን አኒሜሽን ጀርባ መስሏል። የግቢው አፈርና የቆርቆሮ አጥሩ ጸድተዋል። በጣቴ አጉልቼ ወደ ቀሚሱ ስጠጋ ግን ጥለቱ የለም። ከደረት እስከ እግር የሚወርደው፣ መስቀል ከመስቀል የተያያዘበት ጥበብ አንድ ቡናማ ጭረት ሆኗል። ሹሩባውም መስመር መስመሩ ጠፍቶ እንደ ጥቁር ኮፍያ ተደፍቷል።

ልጅቷ ያነሳችው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። ስልክ በሰከንድ የሚሠራውን ሰው ለምን ሰዓታት ይፈጅበታል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ፊልተር ፈጣን ነው፣ እጅ ጥራት አለው» የሚል ነው። ይህ መልስ አይበቃኝም፤ ምክንያቱም ኮባውን እኔ ከፊልተሩ የተሻለ አልሥለውም ነበር። በአንድ ፎቶ ውስጥ ፊልተሩ አንዱን ነገር አሳምሮ ሌላውን የሚያጠፋው ለምን እንደሆነ ለመረዳት፣ በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ስልኩ ምን እንደሚያደርግ ደረጃ በደረጃ መከተል ያስፈልጋል።

ፎቶን በማሽን ካርቱን ማስመሰል አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሆልገር ቪንሞለር፣ ስቬን ኦልሰንና ብሩስ ጉች ቪዲዮን በቅጽበት ወደ ሥዕል የሚቀይር ዘዴ አሳትመው ነበር። ዘዴው ምንም የሚማር ነገር የለበትም። የነገሮችን ዳር ሳይነካ ውስጡን ያለሰልሳል፣ ብዙውን የብርሃን ደረጃ ወደ ጥቂት ደረጃዎች ይሰበስባል፣ ከዚያም ብርሃን በድንገት በሚቀየርበት ቦታ ሁሉ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ዛሬም ብዙ ቀላል መተግበሪያዎች ውስጥ «ካርቱን» የሚል ስም ይዞ የሚገኘው ይኸው ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ለአፍንጫ ዳርም፣ ለፊት መጨማደድም፣ በጨለማ ለተነሣ ፎቶ ሻካራ ነጠብጣብም እኩል ጥቁር መስመር ይሰጣል። የአረጋዊ ፊት በዚህ ዘዴ ሲያልፍ ቆሻሻ የነካው ይመስላል።

ለውጡ የመጣው በ2015 እና በ2016 ነው። በጀርመን ቱቢንገን ሊዮን ጋቲስና ባልደረቦቹ የአንድን ሥዕል ስልት ወደ ሌላ ፎቶ የሚያሻግር የነርቭ መረብ አሳዩ። ችግሩ ለእያንዳንዱ ፎቶ ስሌቱ ከዜሮ ተጀምሮ ደጋግሞ መሻሻል ነበረበት፤ ይህም በኃይለኛ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ጊዜ ይወስዳል። በተከታዩ ዓመት ስታንፎርድ የነበረው ጀስቲን ጆንሰንና ባልደረቦቹ ድካሙን ሁሉ ወደ ሥልጠናው አዛወሩት። መረቡ አንድ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ይሠለጥናል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፎቶ በመረቡ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ያልፋል። ፍጥነቱ በሺህ እጥፍ ገደማ ጨመረ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የወጣው ፕሪዝማ የተባለው መተግበሪያ መጀመሪያ ፎቶውን ወደ ሰርቨር ልኮ ያሠራ ነበር፤ ነሐሴ ላይ አይፎን ውስጥ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ጀመረ።

ይህ ልዩነት ለእኛ ቀላል አይደለም። ፎቶን ወደ ሰርቨር የሚልክ መተግበሪያ ዳታ ይበላል፣ የቤተሰብን ፊትም ወደማናውቀው ቦታ ይወስዳል። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ ፊልተሩን መሞከር ነው። ከሠራ ሥራው ስልኩ ውስጥ ነው።

የንግድ መተግበሪያዎች ውስጣቸውን አይገልጹም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሊያየው የሚችል አንድ ይፋ ሞዴል ልያዝ። ዢንሩይ ዋንግና ጂንዜ ዩ በ2020 ያቀረቡት፣ «ዋይት ቦክስ» በሚል ስም የሚታወቀው ነው። ይህን የመረጥኩት ትንሽና ለስልክ የሚስማማ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሠሪዎቹ ሠዓሊዎችን አማክረው፣ ሠዓሊ እንዴት እንደሚሠራ ተመልክተው ስለገነቡት ከእጅ ሥራ ጋር ለማነጻጸር ይመቻል።

ሥልጠናው እንዲህ ነው። አንድ መረብ ይሥላል፣ ሌላ መረብ ዳኛ ሆኖ «ይህ ከእውነተኛ አኒሜሽን የመጣ ነው ወይስ የተሠራ?» እያለ ይፈርዳል። ሠዓሊው መረብ ዳኛውን እስኪያሳስት ድረስ ይታረማል። የእነ ዋንግ ብልሃት ዳኝነቱን መከፋፈላቸው ነው። አንዱ ዳኛ ሥዕሉን አለስልሶ የቀለሙንና የገጹን ልስላሴ ብቻ ያያል። ሌላው ዳኛ ቀለሙን አውጥቶ በግራጫ ጭረቱንና መስመሩን ብቻ ይመረምራል። ሦስተኛው ነገር ዳኛ ሳይሆን መመሪያ ነው፤ የመረቡ ሥዕል በቀለም ተመሳሳይ ወደሆኑ ቁርጥራጮች ተከፍሎ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ወጥ ቀለም ይቀባና፣ መረቡ ወደዚያ እንዲጠጋ ይገፋል። በልጅቷ ስልክ ላይ ኮባውን ያሳመረው ዓይነት ሥራ፣ ማለትም ሰፊ ነገርን በጥቂት ጠፍጣፋ ቀለም መክፈል፣ ከዚህ ዓይነት ግፊት የሚመጣ ነው።

የሚማርባቸው የካርቱን ምስሎች ከኪዮቶ አኒሜሽንና ከፒ.ኤ. ወርክስ፣ እንዲሁም ከማኮቶ ሺንካይ፣ ከማሞሩ ሆሶዳና ከሃያኦ ሚያዛኪ ፊልሞች የተወሰዱ ናቸው። በዚያ ውስጥ የሐበሻ ጥለት የለም፣ ሹሩባም የለም። የጥለቱ መጥፋት ሰበብ ግን ከዚህ ብቻ የመጣ አይደለም፤ እንዲያውም ዋናው ሰበብ ሌላ ነው።

የሠለጠነው ሠዓሊ መረብ 1.48 ሚሊዮን ቁጥሮች ብቻ አሉት። እያንዳንዱ ቁጥር በአራት ባይት ሲቀመጥ ስድስት ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በሁለት ባይት ሦስት፣ በአንድ ባይት አንድ ሜጋባይት ተኩል። ይህ ከአንድ ዘፈን ያነሰ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ስልክ ምንም አይከብደውም ብሎ ያስባል። የሚከብደው ግን ሞዴሉን መያዝ ሳይሆን ፎቶውን በውስጡ ማሳለፍ ነው።

መረቡ የገባውን ምስል መጀመሪያ በ32 ገጾች ይዘረጋዋል፤ እያንዳንዱ ገጽ አንድ ዓይነት ምልክት፣ ዳር ወይም የቀለም ለውጥ፣ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ምስሉን በግማሽ፣ እንደገና በግማሽ እያሳነሰ ገጾቹን እስከ 128 ያበዛል። እዚያ ዋናውን ሥራ ይሠራና ወደ ነበረበት መጠን ይመልሰዋል። ምስሉ 512 በ512 ፒክስል ከሆነ፣ የየደረጃውን ማባዛት ስደምረው ወደ 32 ቢሊዮን ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚካሄደው ምስሉ ወደ 128 በ128 ባነሰበት ጥልቅ ደረጃ ነው።

አሁን የልጅቷን ፎቶ እንውሰድ። 3000 በ4000 ፒክስል፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ፒክስል ነው። ሳይቀነስ ይለፍ ቢባል ማባዛቱ 46 እጥፍ ሆኖ ከ1.4 ትሪሊዮን በላይ ይሆናል። ከጊዜው ይልቅ ደግሞ የማስታወሻው ነገር ይብሳል። የመጀመሪያዎቹ 32 ገጾች ብቻ፣ እያንዳንዱ ቁጥር በሁለት ባይት ቢያዝ፣ 768 ሜጋባይት ይፈልጋሉ። ሌሎች ደረጃዎች ገና አልተጨመሩም። ይህን ያህል ቦታ በአንድ ጊዜ የሚጠይቅን መተግበሪያ መካከለኛ ስልክ ይዘጋዋል። በ512 በ512 ግን ያው ስሌት 17 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው።

ስለዚህ ለስልክ የተዘጋጀው የዚህ ሞዴል ቅጂ 512 በ512 ብቻ ይቀበላል። በኮምፒውተር የሚሠራው የሠሪዎቹ ኮድ እንኳ ከአጭሩ ጎን 720 ፒክስል የሚበልጥ ፎቶ ሲመጣለት ያሳንሰዋል። አንዲት ሰከንድ የተገዛችው በዚህ ነው፤ መረቡ ፎቶውን ሳያየው በፊት ሌላ አነስተኛ ፎቶ ተተክቶለታል።

ጥለቱን በዚህ ውስጥ እንከተል። ፎቶው መጀመሪያ 3000 በ3000 ሆኖ በአራት ማዕዘን ተቆረጠ እንበል፤ ወደ 512 ሲወርድ ወደ ስድስት ገደማ ይካፈላል። በፎቶው ላይ አንድ የጥለት መስቀል 36 ፒክስል ስፋት ነበረው። አሁን ስድስት ሆነ። መስቀሉን ከመስቀሉ የሚለየው ነጭ ክፍተት አራት ፒክስል ነበር፤ አሁን ከአንድ ፒክስል በታች ስለሆነ ከጎረቤቱ ቀለም ጋር ተቀላቅሏል። አረንጓዴ፣ ቀይና ወርቃማ ክሮች አንድ ላይ ሲደባለቁ የሚሰጡት ቀለም ደግሞ ቡናማ ነው። ያ ቡናማ ጭረት እንግዲህ የካርቱን ስልት አይደለም፤ ማሳነሱ የወለደው ነው። የአንድ ሹሩባ ውፍረት 24 ፒክስል ነበር፤ አራት ሆነ፤ መረቡ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲገመስ አንድ ነጥብ ሆነ። ኮባው ግን ቅጠሉ ሺህ ፒክስል ስለነበር 170 ያህል ተርፎለታል፣ ያም ከበቂ በላይ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው እርምጃ ጉዳቱን ያጸናዋል። ሠሪዎቹ በኮዳቸው ውስጥ እነዚህን ሁለት መስመሮች አስቀምጠዋል፦

```
network_out = network.unet_generator(input_photo)
final_out = guided_filter.guided_filter(input_photo, network_out, r=1, eps=5e-3)
```

የመጀመሪያው መረቡን ያሠራል። ሁለተኛው የመረቡን ውጤት መነሻ ፎቶውን እንደ መሪ ይዞ ያስተካክላል፤ ካርቱኑ የፎቶውን ዳሮች እንዲከተል፣ ጥቃቅን የተበላሹ ጭረቶችም እንዲለሰልሱ ያደርጋል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ፊት ላይ ጥፋትን ይቀንሳል። ነገር ግን እዚህ መሪ የሆነው ፎቶ የተቀነሰው ነው። ሙሉውን 12 ሚሊዮን ፒክስል መሪ አድርጎ ትንሹን ካርቱን ወደ ትልቅ የሚመልስ ዘዴ አለ፤ እሱን የሚጠቀም መተግበሪያ ዳሮችን የተሻለ ይጠብቃል። የጥለቱን ቀለም ግን እሱም አይመልስም፤ ምክንያቱም የተሠራው ካርቱን ውስጥ በዚያ ቦታ ያለው ቡናማ ነው።

ኪሳራውን ለማየት ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችል ሙከራ አለ። ያንኑ ፎቶ ከፊልተሩ በፊት በደረቱ ላይ ብቻ 1500 በ1500 አድርጋችሁ ቁረጡና እንደገና አሳልፉት። መስቀሉ አሁን ስድስት ሳይሆን 12 ፒክስል ይዞ ይገባል። ፊልተሩ ያው ነው፣ ሞዴሉ ያው ነው፣ ጥለቱ ግን በከፊል ተመልሶ ይመጣል። ካልመጣ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

ከሌሎቹ ቦታዎች አንዱ የቁጥሮቹ መጭመቅ ነው። ሞዴሉን ወደ አንድ ባይት ማውረድ መጠኑን በአራት ያሳንሳል፣ በብዙ ፕሮሰሰሮችም ያፈጥነዋል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ቁጥር ቦታ የሚቀረው 256 ደረጃ ብቻ ነው። ውጤቱ የሚታየው ለስላሳ ለውጥ ባለበት ቦታ ነው፤ ጉንጭ ላይ ከብርሃን ወደ ጥላ የሚሄደው ቀለም እንደ ደረጃ ይቆራረጣል፣ ማታ ሰማዩ ላይ ቀለበት ቀለበት ይወጣል። ካርቱን በባሕርዩ ጠፍጣፋ ስለሆነ አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ስልት ይቀበለዋል። ልዩነቱ ግን ይታያል፤ ሠዓሊ ጥላን የሚከፍለው በአጥንቱ ቅርጽ ነው፣ ይህኛው ግን ጉንጭን ከጉንጭ አጥንት ሳይለይ ያቆራርጣል።

እስካሁን ያልኩት ሙሉ ፎቶን ስለሚቀይሩ ፊልተሮች ነው። ካሜራው ፊት ስንቆም በቀጥታ ዓይናችንን የሚያሰፉትና ፊታችንን አሻንጉሊት የሚያስመስሉት አሠራራቸው ሌላ ነው። ካሜራው በሰከንድ 30 ፍሬም ስለሚሰጥ ለእያንዳንዱ ያለው ጊዜ 33 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ መጀመሪያ ፊቱ የት እንዳለ ይፈለጋል፤ ከዚያ የጉግል ሚዲያፓይፕን በመሰሉ መሣሪያዎች 468 ነጥብ ያለው መረብ ፊቱ ላይ ይዘረጋል፤ ፊቱ ብቻ ተቆርጦ፣ ቀጥ ተደርጎ፣ ብዙ ጊዜ ከ512 ባነሰ ስፋት ይሠራና ወደ ቦታው ይመለሳል። ፊቱ ብቻውን መቆረጡ ጥቅም አለው፤ ዓይንና ከንፈር በቂ ፒክስል ያገኛሉ። ከቁርጡ ውጭ የቀረው ፀጉር ግን እንደ ፎቶ ሆኖ ይቀራል፣ ግንባር ላይም መጋጠሚያው ይታያል። ጭንቅላት ሲዞር ወይም እጅ ፊትን ሲያልፍ መጋጠሚያው ይንሸራተታል።

በእነዚህ የፊት ፊልተሮች ላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይ አለ፤ የቆዳ ቀለም። ብዙዎቹ የሚሠለጥኑት ጥንድ ምስል ተፈብርኮላቸው ነው። ጀስቲን ፒንክኒና ዶሮን አድለር በ2020 እንዳሳዩት፣ የሰው ፊት የሚፈጥር ትልቅ ሞዴል ከካርቱን ፊት ጋር ይዳቀላል፤ ከዚያ ዲቃላው ለእያንዳንዱ ሰው ፊት የካርቱን አቻ ያወጣል። በእነዚህ ጥንዶች ላይ ደግሞ ለስልክ የሚሆን ትንሽ መረብ ይሠለጥናል። ትልቁ ሞዴል የተማረበት ኤፍኤፍኤችኪው የተባለው ስብስብ ከፍሊከር የተወሰዱ 70,000 ፊቶች አሉት፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው የፍሊከርን አድልዎ እንደሚወርስ ጽፈዋል። ከዚያ ላይ የካርቱኑ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ያለ ነው። ትንሹ መረብ የሚያውቀው አማካዩን ስለሆነ፣ ጠይም ፊት ሲገባ ቀላ ወይም ነጣ አድርጎ፣ አፍንጫውን አሹሎ ይመልሳል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ2017 ፌስአፕ የተባለው መተግበሪያ ሰውን «ያሳምራል» ያለው ፊልተር ጥቁር ሰዎችን ሲያነጣ ተገኝቶ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቋል፤ ምክንያቱ የሥልጠናው ምስል አድልዎ እንደሆነም አምኗል። ያ ፊልተር ካርቱን አልነበረም፤ ሕመሙ ግን ያው ነው። ዋይት ቦክስን የመሰሉ ሙሉ ፎቶን የሚቀይሩት በዚህ ረገድ ይሻላሉ፤ ፊትን አዲስ አይፈጥሩም፣ የመነሻውን ቀለም እንዲጠብቁም ይገደዳሉ። የእናትየው ፊት በልጅቷ ስልክ ላይ ጠይምነቱን አለመልቀቁ ፊልተሩ የዚህኛው ዓይነት እንደሆነ ጠቁሞኛል።

አሁን ወደ እጅ ሥራው ልመለስ። እኔ የምሠራው በታብሌት ላይ ነው፤ ኢቢስ ፔይንት የመሰለ ማንኛውም መተግበሪያ ይበቃል። ፎቶው ከታች ደብዝዞ ይቀመጣል። ከላዩ የመስመር ሌየር፣ ከመስመሩ ሥር የጠፍጣፋ ቀለም ሌየር፣ በዚያ ላይ ደግሞ ጥላው በማልቲፕላይ ሌየር ይመጣል። እያንዳንዱ ነገር የራሱ ሌየር ስላለው የቀሚሱን ጥላ ስነካ ፊቱ አይነካም። ፊልተሩ ይህን አያደርግም፤ ለእሱ ቀሚስ የሚባል ነገር የለም፣ ጎረቤታም ፒክስሎች ብቻ ናቸው ያሉት።

ጊዜ የሚበላኝ የትኛው እንደሆነ ብጠየቅ ብዙ ሰው ጥለቱ ይመስለዋል። አይደለም። ጥለት ይደጋገማል። ከፎቶው ላይ አንዱን መስቀል አጉልቼ ሃያ ደቂቃ ወስጄ በትክክል ከሣልኩ፣ የቀረው መቅዳት ነው፤ በቀሚሱ እጥፋት ላይ ማጉበጥና በጥላ ማደብዘዝ ብቻ ይቀረዋል። ሸማኔውም የሠራው አንድን ሐሳብ እየደጋገመ ስለሆነ ሥራው ከሥራው ጋር ይገጥማል። ሹሩባም እንዲሁ ነው፤ መንገዱን ካወቅሁ አንድ ብሩሽ ይከተለዋል። የሚገድለኝ ኮባው ነው። የተቀደደ ቅጠል፣ በቅጠሉ መካከል የሚገባ ብርሃን፣ ከኋላው ያለ ሌላ ቅጠል፤ አንዱ ሌላውን አይመስልም፣ የሚደጋገም ነገር የለም። ይህንን ሙሉ ፎቶ በእጅ ብቻ ብሠራው ከዘጠኝ ሰዓት ውስጥ አምስቱን የሚወስድብኝ ማንም ልብ የማይለው ጀርባ ነው።

ልውውጡ እንግዲህ በሙሉ ሥዕሉ ላይ አይደለም፣ በየነገሩ ነው። ለፊልተሩ የሚከብደው ጥቃቅንና ሥርዓት ያለው ነገር ለእጅ ይቀላል፤ እጅን የሚያደክመው ሰፊና ሥርዓት አልባ ነገር ለፊልተሩ ይቀላል።

ለልጅቷ የሠራሁት በዚህ ክፍፍል ነው። መጀመሪያ ስለ ኅትመቱ አሰላሁ። ኤ3 በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 3508 በ4961 ፒክስል ይፈልጋል። ከስልኳ የወጣው 512 ፒክስል በዚያ ጥራት የሚሸፍነው አራት ሳንቲሜትር ከሦስት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለግድግዳ ሥዕል ግማሹ ጥራት ይበቃል፤ ቢሆንም 512 ከዚያም ሩቅ ነው።

ለጀርባው ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ዋይት ቦክስ ሞዴል ተጠቀምኩ። ፎቶውን ወደ 1500 በ2000 አሳንሼ፣ 512 በ512 በሆኑ፣ ዳር ዳራቸው በ64 ፒክስል በሚደራረብ 20 ቁርጥራጮች ከፍዬ እያንዳንዱን አሳለፍኩ። መደራረቡ የግድ ነው፤ መረቡ ከቁራጩ ዳር ውጭ ምን እንዳለ ስለማያይ ጠርዝ ላይ ያለው ፒክስል ይበላሻል፣ ሲገጣጠምም ስንጥቅ ይታያል። ሌሎች አንዳንድ ሞዴሎች የየቁራጩን አማካይ ብርሃን ለክተው ስለሚያስተካክሉ፣ አንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ጠቆር ብሎ ይወጣል፤ በእነሱ ይህን መንገድ አልመክርም።

ታዲያ ለምን ሙሉውን 3000 በ4000 በቁራጭ አላሳለፍኩም? ሞክሬው ነበር። ውጤቱ ካርቱን መሆኑ ቀረ። መረቡ የተማረው በተወሰነ መጠን ስለሆነ የሚያውቀው የብሩሽ ውፍረት በፒክስል የተወሰነ ነው። ፎቶው ሲተልቅ ያ ብሩሽ ከነገሩ አንጻር ይቀጥናል፣ የኮባው እያንዳንዱ ጅማት ይታያል፣ ምስሉ በትንሹ የተነካ ፎቶ ይመስላል። ስለዚህ ማሳነስ ጉዳት ብቻ ሳይሆን የብሩሽ መምረጫም ነው። ለኮባው ግማሽ መጠን ትክክል ነበር። ለጥለቱ ትክክል የሚሆን መጠን ግን አልነበረም፤ በትንሹ ይጠፋል፣ በትልቁ ፎቶ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ እናትየውን ከጀርባው ለይቼ ፊቱን፣ ሹሩባውንና ቀሚሱን በእጄ ሠራሁ። ፊቱ ላይ መወሰን የነበረብኝ የትኛውን መስመር እንደምተው ነው። በዓይናቸው ዳር ያሉት ሦስት መጨማደዶች ሲስቁ የሚወጡ ናቸው፤ እነሱን ያዝኩ። ግንባራቸው ላይ የወደቀው የቅጠል ጥላ ከፊት መስመር ጋር ይምታታ ስለነበር አወጣሁት። ፊልተሩ ሁለቱንም እኩል አይቶ ሁለቱንም አለስልሶ ነበር። ሁሉም ተደምሮ አራት ሰዓት ያህል ወሰደ፤ ግማሽ ሰዓቱ ቁራጭ መገጣጠም ነበር። መጨረሻ ላይ የጀርባው መስመር ከእኔ መስመር ቀጥኖ ስለታየ፣ ኮባው ላይ በጥቂት ቦታ በእጄ ደመቅ አድርጌ ማስማማት ነበረብኝ። ይህ ካልተደረገ በሥዕሉ ያለው ሰው ከሌላ መጽሔት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

ሥዕሉን ስትወስድ ልጅቷ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። እናቷ ቡና ሲያፈሉ የሚያሳይ የሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ነበራት፤ እሱንም እንዲሁ እንድሠራላት ፈለገች። ሃያ ሰከንድ 600 ፍሬም ነው። ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ብቻ ብሰጥ 100 ሰዓት ይሆናል። ይህ በስልኳ የሚሠራ ነው ብዬ መለስኩላት፤ ምን እንደምታይም አስቀድሜ ነገርኳት። ፊልተሩ እያንዳንዱን ፍሬም ከፊተኛው ጋር ሳያያይዝ ስለሚሠራው፣ በአንዱ ፍሬም ሁለት የነበረው የቀለም ክፍል በቀጣዩ ሦስት ይሆናል፣ ግድግዳውና ቀሚሱም ይርገበገባሉ። የሚርገበገበው ይበልጥ ጥቃቅን ነገር ያለበት ቦታ ነው። ስለዚህ እንደገና ከቀረጸች ካሜራውን አንድ ቦታ አስደግፋ፣ በቀን ብርሃን፣ ወደ እናቷ ቀረብ ብላ፣ ጀበናው፣ ሲኒዎቹና እጃቸው ፍሬሙን እንዲሞሉት አድርጋ እንድትቀርጽ፣ ነጠላቸውንም ጥለቱ ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ኋላ እንዲሆን እንዲያጣፉት ነገርኳት።